ለመጋረጃ ሰርቮ ወይስ ስቴፐር?

«ጫፉ 2 ሜትር የሚሄድ የሳሎን መጋረጃ በአርዱይኖ ልከፍትና ልዘጋ ነው፣ እቤት ሰርቮ አለኝ፣ እሱ ይበቃል ወይስ ስቴፐር ልግዛ?»

ስቴፐር ግዛ ወንድሜ። ተራ ሰርቮ 180 ዲግሪ አካባቢ ዞሮ ይቆማል። አስላው እስቲ፣ 20 ጥርስ ያለው ፑሊ ላይ ጥርሱ በ2 ሚሊሜትር የሚራራቅ ቀበቶ ብታደርግ በአንድ ዙር የሚጎትተው 40 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ ላንተ 50 ዙር ያስፈልጋል፣ ስቴፐሩ ደግሞ በዙር 200 ስቴፕ ስለሆነ 10,000 ስቴፕ ትሰጠዋለህ በቃ። ሳይቆም የሚዞር ሰርቮም አለ ግን የት እንደደረሰ አይነግርህም፣ በሰዓት ቆጥረህ ነው የምታቆመው፣ ጨርቁ ትንሽ ከያዘው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ስቴፐር ላይ ዋናው ችግር መብራት ነው። እኔ መጀመሪያ ሊሚት ስዊች አላደረግኩም ነበር፣ መጋረጃው መሃል ላይ እያለ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለበትን ቦታ ዜሮ ብሎ ቆጠረና ጫፍ ላይ ደርሶም እየገፋ ግርርር ይል ጀመር፣ ያ ድምፅ ስቴፕ እየዘለለ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መዝጊያው ጫፍ ላይ አንድ ስዊች አድርግ፣ በተነሳ ቁጥር ቀስ ብሎ ሄዶ ስዊቹን ይንካና ከዛ ዜሮ ይበል።

ሌላው፣ ስቴፐር ቆሞም ከረንት ስለሚስብ ይግላል። ድራይቨርህ A4988 ከሆነና የEN ፒኑን 8 ላይ ካሰርከው፣ ሲጨርስ ከረንቱን እንዲቆርጥ ይሄን ጻፍ፣ እንደገና ከመንቀሳቀሱ በፊት ደግሞ በHIGH ፋንታ LOW ብለህ መልሰው፦

```
digitalWrite(8, HIGH);
```

ወደ ጎን የሚሄድ መጋረጃ ባለበት ይቆያል፣ ወደ ላይ የሚጠቀለል ቢሆን ግን በክብደቱ ይወርድብህ ነበር።