ፎቶው ያሳየውን ካፕሽኑ አይድገመው

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጋዜጠኝነት ተምሬ ዘንድሮ እመረቃለሁ፤ መሆን የምፈልገው ፎቶ አንሺ ነው። ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ወርክሾፕ ሦስት ሳምንት ተመላልሼ 12 ፎቶ ያለው ታሪክ ሠራሁ። ሥራ ልጠይቅበት ለአንድ መጽሔት ስልከው ‹ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ታሪኩ ግን አልገባንም› አሉኝ። ወንድሜ ችግሩ ካሜራሽ ነው፣ ተበድረሽ የተሻለ ግዢ ይላል። አባቴ ይሄን ነገር ትተሽ ቢሮ ግቢ እያሉኝ ነው። አንድ የፎቶ ክምችት ክፍል ደግሞ ካፕሽን የምትጽፍ ረዳት ይፈልጋል፤ ግን ካሜራ የሚያስይዝ ሥራ አይደለም። ይህን መቀበል ወደ ኋላ መሄድ አይሆንብኝም? ፎቶዎቹን ከነመግለጫቸውና ከማስታወሻዬ ጋር አያይዣለሁ።»

እህቴ፣ የላክሽውን ደጋግሜ አየሁት። መጀመሪያ ካፕሽኖቹን በወረቀት ሸፍኜ ፎቶዎቹን ብቻ አየሁ። ቀጥዬ ፎቶዎቹን ሸፍኜ ካፕሽኖቹን ብቻ አነበብኩ። መጽሔቱ እውነቱን ነው የነገረሽ።

የወንድምሽን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። አትበደሪ። ከ12ቱ አንዱም በካሜራ ምክንያት የተበላሸ ፎቶ የለም። ዕዳ ያለበት ጀማሪ ደግሞ የመጣለትን ሥራ ሁሉ መቀበል ግድ ይሆንበታል። ያኔ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሦስት ሳምንት የምትቀመጪበት ጊዜ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አራተኛውን ፎቶ አውጪና እዪው። ሁለት ነጭ የሆኑ እጆች የአንዲትን ልጅ እግር በፋሻ ይጠቀልላሉ። ከሥሩ «ተስፋን የሚሠሩ እጆች» ብለሻል። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ይህ ፎቶ ስብራት እየታሰረ ነው የሚመስለው። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። እጆቹ የማን ናቸው? ነጩ ነገር ምንድን ነው? ልጅቷ ማን ናት? ካፕሽንሽ አንዱንም አይመልስም። አምስተኛው ላይ ሰውየው አንድ ነጭ እግር በሞረድ ይሞርዳል፤ «ባለሙያው በትጋት ሲሠራ» ይላል። ሲሠራማ ይታያል። በትጋት መሆኑን ደግሞ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

የሚያስቆጨው መልሱ እጅሽ ላይ መሆኑ ነው። በመግቢያ ብለሽ የጻፍሽው ሁለት ገጽ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። ጀሶው ሲደርቅ ፋሻው ወልቆ ባዶ ቅርጽ እንደሚሆን፣ በውስጡ ሌላ ጀሶ ፈስሶ የእግሯ አምሳያ እንደሚወጣ፣ ባለሙያው ያንን አምሳያ እየሞረደ እንደሚያስተካክል ጽፈሻል። ግን አንባቢው አምስተኛው ፎቶ ላይ ሲደርስ መግቢያውን ረስቶታል። ጥያቄው የሚነሳው ዓይኑ ፎቶው ላይ ባረፈበት ቅጽበት ነው፤ መልሱም እዚያው መገኘት አለበት። ስለዚህ መግቢያውን ወደ አንድ አንቀጽ አሳጥሪው፤ የቀረውን በየፎቶው ሥር አከፋፍዪው።

አራተኛውን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ባለሙያው እገሌ የእገሊትን እግር ከጉልበቷ በታች በራሰ የጀሶ ፋሻ ሲጠቀልል። ፋሻው ደርቆ ሲወልቅ የእግሯን ልክ ይይዛል፤ አዲሱ እግር የሚሠራው በዚህ ልክ ነው።»

የእገሌን ቦታ በሙሉ ስም ሙይው፤ ቀኑንና ቦታውንም ጨምሪ። አምስተኛው ደግሞ እንዲህ፦

«እገሌ የእገሊትን እግር የጀሶ አምሳያ ሲሞርድ። የሚሞርደው ጫና መሸከም የሚችለውን ቦታ ነው፤ አጥንት ከቆዳ ሥር ቅርብ በሆነበት ቦታ ግን እንዳያማት ጀሶ ይጨምርበታል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው ካሜራው ሊያነሳው የማይችለውን ያመጣል፦ ምክንያቱን፣ ቀድሞ የሆነውን፣ ቀጥሎ የሚሆነውን። ከዚህ በላይ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ባለሙያው አንዴ በሙሉ ስሙና በሥራው ከተዋወቀ በኋላ በሚቀጥሉት ፎቶዎች ስሙ ብቻ ይበቃል። አንድ ነገር ልብ በይ፦ አሁን ካፕሽኖችሽ በሙሉ «ሲሠራ፣ ስትጠብቅ፣ ሲመለከት» እያሉ ነው የሚያልቁት። አንዱ ላይ ጥሩ ነው፣ 12 ጊዜ ሲደጋገም ግን አንባቢው ማንበቡን ይተዋል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሙሉ ግሥ ይዞ ሲመጣ ይህም አብሮ ይስተካከላል።

ምን ጽፌ ምን ልተው ብለሽ ስትቸገሪ፣ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ፎቶውን ያለ ካፕሽን አሳዪው። መጀመሪያ ምን እንደሚያይ ይንገርሽ፤ ያንን አትጻፊ። ቀጥሎ ምን ማወቅ እንደፈለገ ጠይቂው፤ ካፕሽንሽ እሱ ነው። የሚያየውን ተሳስቶ ከነገረሽ፣ ለምሳሌ ስብራት ነው ካለሽ፣ መጀመሪያ የምታርሚው ያንን ነው።

የመጀመሪያው ፎቶ ላይ «ልጅቷ በደስታ ስትራመድ» ብለሻል። በሁለቱ የብረት መደገፊያዎች መካከል ቆማ ጥርሷ ይታያል፤ ግን ጥርሷን ነክሳም ሊሆን ይችላል። ደስታ መሆኑን ማን ነገረሽ? ጠይቀሻት ከሆነ የራሷን ቃል ጻፊ። ካልጠየቅሻት ስንተኛ እርምጃዋ እንደሆነ ጻፊና ስሜቱን ለፊቷ ተዪው። «ልጅቷ» ደግሞ ስም አይደለም። በ1936 ዶሮቲያ ላንግ ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆቿን አቅፋ የተቀመጠች አንዲት ስደተኛ እናት አነሳች። ፎቶው በዓለም ከታወቁት አንዱ ሆነ። የሴትየዋን ስም ግን አልጠየቀችም፤ ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን መሆኗ በይፋ የታወቀው በ1978 ነው። ሴትየዋ 42 ዓመት ያለ ስም ኖራለች። አንቺ ሄደሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ልጅ ስለሆነች ስሟንና ፎቶዋን ለማውጣት ወላጆቿን አስፈቅጂ፤ ስሟ እንዳይወጣ ካሉ አትጻፊው፣ ግን መዝግበሽ ያዢው።

ቅደም ተከተሉ ላይ ስመጣ፣ በጣም ያሳሰበኝ ሰባተኛውና ስምንተኛው ናቸው። በሰባተኛው ልጅቷ ታለቅሳለች። በስምንተኛው ባለሙያው ዓይኑን ጨፍኗል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሁሉ ሰውየው ለእሷ አዝኖ ነው ይላል። በፋይሉ ላይ ያለው ቀን ግን በመካከላቸው አራት ቀን እንዳለ ይናገራል፤ በማስታወሻሽም ዓይኑን የጨፈነው የጀሶ ብናኝ ገብቶበት ነው። አንድም የውሸት ቃል አልጻፍሽም፤ ግን አቀማመጡ ያልሆነ ነገር ተናገረ። የሩሲያው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ ይህንኑ ከመቶ ዓመት በፊት አሳይቷል። የአንድን ተዋናይ ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን ቀጥሎ አደረገው፤ ተመልካቹ አንዴ ረሃብ አንዴ ሐዘን አነበበበት። ስለዚህ ሁለቱን አለያዪአቸው። ስምንተኛውን ጭራሽ ብታወጪው ደግሞ ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም።

ሌላው ስህተት የምትራመድበትን ፎቶ መጀመሪያ ማድረግሽ ነው። የተለያዩ ነጠላ ፎቶዎችን ለሥራ ስታቀርቢ ጠንካራውን ማስቀደም ልክ ነው። ታሪክ ላይ ግን መጨረሻውን አስቀድመሽ ነገርሽው፤ ከዚያ በኋላ አንባቢው ምን ይጠብቅ? በተከታታይ ያስቀመጥሻቸው ሦስት የእጅ ፎቶዎችም ከአንድ ርቀት የተነሱ ናቸው። አንዱ ይበቃል።

ፎቶዎቹን በትንሹ አትመሽ ወለል ላይ ዘርጊያቸው። እኔ ብሆን በመጨረሻ የቀበርሽውን ግድግዳ አስቀድም ነበር፦ በእርሳስ ስም የተጻፈባቸው ነጫጭ የእግር አምሳያዎች የተደረደሩበትን። የሚያየው ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ይላል፤ ካፕሽኑ ቦታውንና ቀኑን ነግሮት ወደ ቀጣዩ ያሻግረዋል። ከዚያ ፋሻው ይምጣ፣ ቀጥሎ ሞረዱ። እዚህ ጋ ራቅ ብሎ ወርክሾፑን በሙሉ የሚያሳየውን አስገቢ፣ ዓይን እንዲያርፍ። ቀጥሎ በምድጃ የጋለው ፕላስቲክ አምሳያው ላይ የሚለበጥበት። ከዚያ ልጅቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አንድ ጫማ እጇ ላይ የያዘችበት። ይህን ፎቶ «በመጠባበቅ ላይ» ብለሽ አልፈሽዋል፤ በማስታወሻሽ ግን ጫማው ከተገዛ ጀምሮ ተጫምታው የማታውቀው የጥንዱ አንዱ ነው። ያንን በካፕሽኑ ውስጥ ንገሪን! ከዚያ ባለሙያው እግሩን ገጥሞ የሚያስተካክልበት፣ በመጨረሻም የምትራመድበት። ስምንት ፎቶ ሆነ። የተቀነሱት አራቱ አያስቆጩሽ።

በዚህ አሰላለፍ ውስጥ ሁሉም በተነሳበት ቀን ተራ አይመጣም። ግድግዳውን ያነሳሽው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ችግር የለውም፤ ብቻ ቀኑ በየካፕሽኑ ውስጥ ይኑር፣ ማንም አንድ ቀን ነው ብሎ እንዳይሳሳት።

ስትልኪ የፋይሎቹን ስም ከ`01` ጀምረሽ ቁጠሪ። አንቺ `1.jpg`፣ `2.jpg` ብለሽ ነው የላክሽው፤ አንዳንድ ኮምፒውተር ከ`1` ቀጥሎ `10`ን፣ `11`ንና `12`ን ያመጣና `2`ን ከእነሱ በኋላ ያደርጋል። መጽሔቱ ያየው ተራ አንቺ የደረደርሽው ላይሆንም ይችላል። ካፕሽኑን በተለየ ሰነድ ብቻ ሳይሆን በፎቶው ፋይል ውስጥ `Description` በሚለው ቦታም ጻፊው። ሰነዱ ሲጠፋ ፎቶው ስሙን ይዞ ይቀራል።

አባትሽ የሚፈሩት ያለ ደመወዝ እንዳትቀሪ ነው። ፍርሃቱን አልነቅፍም፤ ሥራሽን መምረጥ ግን የእርሳቸው ድርሻ አይደለም። የወር ደመወዝ ይዘሽ ቤት ስትገቢ ክርክሩ ይበርዳል።

የክምችት ክፍሉን ሥራ ተቀበዪ። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመጽሔት ፎቶ ዴስክ ነው፤ ፎቶ አንሺዎች የሚልኩት ነገር ምን ላይ እንደሚሰናከል ያየሁት እዚያ ነው። በቀን በርካታ የሌሎችን ፎቶ እያየሽ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ስትፈልጊ፣ ራስሽ ስታነሺ ምን መጠየቅ እንዳለብሽ እጅሽ ይለምደዋል። ከመፈረምሽ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቂ። ከሥራ ሰዓት ውጪ የምታነሻቸው ፎቶዎች መብት የማን ነው? የጻፍሽውን ካፕሽን አይቶ የሚያርምሽ ልምድ ያለው አርታኢ አለ ወይ? የመጀመሪያውን መልስ በጽሑፍ ተቀበዪ። ለሁለተኛው «የለም» ካሉሽ፣ ሥራውን ያዢ፤ ሌላ አርታኢ ያለበት ዴስክ መፈለግሽን ግን አታቁሚ።