ላስቲክ የሚመስል ኮምፈርት፣ ቆርቆሮ የሚመስል መጋረጃ፦ በመኝታ ክፍል ሬንደር ጨርቅን ጨርቅ ማስመሰል

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ካዛንቺስ አካባቢ የቤት ውስጥ ዲዛይን እሠራለሁ። የአንድ አፓርታማ መኝታ ክፍል ከሌላ ፕሮግራም ወደ ብሌንደር አስገብቼ ኮምፈርቱን አልጋው ላይ በ`Cloth` ጣልኩት። ሲወድቅ በጣም ቀስ ይላል፤ ሲያርፍም እንደ ረጠበ ላስቲክ ሹል ሹል እያለ ይጨማደዳል። መጋረጃው ቆርቆሮ፣ ምንጣፉ ደግሞ ወለል ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። ቴክስቸር ደጋግሜ ብቀይርም ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቴክስቸሩን ለጊዜው ይተዉትና ጨርቁን ሁሉ ተራ ግራጫ ማቴሪያል ያልብሱት። በመጀመሪያ መፈተሽ ያለበት የክፍሉ መጠን ነው። አልጋውን መርጠው `N` ሲጫኑ በሚከፈተው ሰሌዳ ላይ `Dimensions` የሚለውን ይመልከቱ። ወርዱ 1.50 ሜትር መሆን ያለበት አልጋ እዚያ 150 ሜትር ከተባለ፣ ክፍሉ ሲገባ እያንዳንዱ ሴንቲሜትር እንደ አንድ ሜትር ተቆጥሯል ማለት ነው።

ቁጥሩን ሳያዩም በአወዳደቁ ማወቅ ይችላሉ። ከ30 ሴንቲሜትር ከፍታ የተለቀቀ ነገር ለማረፍ ሩብ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ትዕይንት ይህ 6 ፍሬም ሲሆን፣ አየሩ ቢያዘገየው እንኳ ከ10 ብዙ አይርቅም። መጠኑ መቶ እጥፍ ከሆነ ግን ያው ጨርቅ የሚወድቀው ከ30 ሜትር ስለሆነ 60 ፍሬም ገደማ ይፈጅበታል። እርስዎ ያዩት ዝግታ ይህ ይመስለኛል። መጨማደዱም ከዚሁ ይመጣል፤ 220 ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ከስፋቱ አንጻር ምንም ግትርነት ስለማይኖረው፣ ክብ እጥፋት ይዞ መቆም አቅቶት እንደ እርጥብ ነገር ይደቃል። ክፍሉን በሙሉ በ0.01 ያሳንሱት፤ ከዚያ `Ctrl+A` ተጭነው `Scale` የሚለውን ይምረጡ። ይህን ሳያደርጉ ወደ ሲሙሌሽን አይመለሱ፤ እያንዳንዱ ዕቃ `Scale` ላይ 1 ማሳየት አለበት።

መጠኑ ሲስተካከል እስካሁን ተደብቆ የነበረ ሌላ ችግር ይገጥምዎታል፤ ጨርቁ ፍራሹን ሳይነካ ከላዩ ተንሳፍፎ ይቀራል። በ`Cloth` ውስጥ ያለው የ`Object Collisions` ርቀት ሲጀመር 0.015 ሜትር፣ ፍራሹ ላይ ያለው የ`Thickness Outer` ደግሞ 0.02 ነው። በትልቁ ክፍል ውስጥ እነዚህ ከቁብ የማይገቡ ነበሩ፤ በትክክለኛው መጠን ግን የጥቂት ሴንቲሜትር ክፍተት ሆነው ይታያሉ፣ ከጨርቁ ሥር ጥላው ስለሚሳሳም ዓይን ወዲያውኑ ይይዘዋል። ሁለቱንም ወደ 0.003 ያውርዷቸው። ርቀቱ ሲጠብ ጨርቁ ፍራሹን ሰንጥቆ የመግባት ዕድሉ ስለሚጨምር `Quality Steps` የሚለውን ከ5 ወደ 12 ወይም 15 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ስሌቱ ይዘገያል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

አሁን ወደ ኮምፈርቱ እንምጣ። ፍራሹ 1.50 በ1.90፣ ኮምፈርቱ 2.20 በ2.40 ሜትር ነው እንበል። ብዙዎች አንድ ነጠላ ንጣፍ ጥለው ሲያበቁ በ`Solidify` ውፍረት ይሰጡታል፤ ውጤቱም በቢላ የተቆረጠ ስፖንጅ ነው፣ መሐሉም ጠርዙም እኩል ይወፍራልና። ኮምፈርት ግን በጠርዙ የተሰፉ ሁለት ጨርቆችና በመሐላቸው ያለ ሙሊት ነው፤ መሐሉ ያብጣል፣ ስፌቱ ጋ ሲደርስ ይሳሳል። ስለዚህ ሁለት ንጣፍ ያለው፣ ዙሪያው የተዘጋ ጠፍጣፋ ሣጥን ይሥሩና `Pressure` የሚለውን ከትንሽ ቁጥር ጀምረው እብጠቱ እስኪበቃዎት ድረስ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። `Bending` ለአንሶላ በጥጥ ልኩ በ0.5 ይቆይ፤ ለኮምፈርት ከ5 ቢጀምሩ ይሻላል።

እዚህ ላይ የአልጋዎን ኮምፈርት ጠርዝ በእጅዎ ይዘው ቢያዩት ደስ ይለኛል። የስፌቱ ክር ሲጠብቅ ጨርቁን ስለሚያሳጥረው ከስፌቱ ግራና ቀኝ ትናንሽ ሸብሸቦች ተደርድረው ያገኛሉ። በእኔ ግምት ጨርቅን በሬንደር ከፕላስቲክ የሚለየው ከሁሉም በላይ ይህ ሸብሸብ ነው፣ ቴክስቸርም አይተካውም። ለመሥራት ከባድ አይደለም፤ የጠርዙን ነጥቦች በአንድ `Vertex Group` ሰብስበው በ`Property Weights` ሥር `Shrinking Group` ላይ ያስገቡትና ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲያጥር ያድርጉ። ጠርዙ ሲያጥር መሐሉ የቀድሞ ስፋቱን ስለሚይዝ፣ ትርፉ ጨርቅ ራሱ ይሸበሸባል።

ሜሹ ምን ያህል ይከፋፈል ለሚለው የምጠቀምበት መለኪያ፣ ልናየው የምንፈልገው ትንሹ እጥፋት ቢያንስ አራት ክፋይ ያግኝ የሚል ነው። ክፋዩ 2 ሴንቲሜትር ሲሆን 8 ሴንቲሜትር የሆነ እጥፋት ክብ ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ለኮምፈርት በቂ ነው፣ ለእያንዳንዱ ንጣፍ 110 በ120 ክፋይ ማለት ነውና ኮምፒውተሩንም አያስጨንቅም። ከጠርዙ አጠገብ ብቻ ክፋዩን ወደ 1 ሴንቲሜትር ያጥብቡት፤ ሸብሸቡ ከዚያ በሰፋ ሜሽ ላይ አይወጣም። አንሶላ ግን በሙሉ 1 ሴንቲሜትር ይፈልጋል። ይህን ከመጀመሪያው ይወስኑ፤ ብሌንደር ክብደትን የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ነጥብ ስለሆነ፣ ሜሹን በኋላ ቢከፋፍሉት ጨርቁ ከብዶ ይለጠጥና ያስተካከሉት ሁሉ ይበላሻል።

ሲያርፍ ትክክል መሆኑን የሚያውቁት በማዕዘኑ ነው። ኮምፈርቱ በጎንም በግርጌም 35 ሴንቲሜትር ወርዶ ከሆነ፣ በማዕዘኑ 35 በ35 የሆነ ትርፍ ጨርቅ ይቀራል፤ የዚህ ካሬ ሰያፍ 50 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚሆን የማዕዘኑ ጫፍ ከሌላው ጠርዝ እስከ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ በሾጣጣ እጥፋት ይንጠለጠላል። ወፍራም ኮምፈርት ከዚህ ትንሽ ሊያንስ ይችላል። ጫፉ ከጠርዙ ጋር እኩል ከሆነ ግን ጨርቁ ገና አላረፈም ወይም ተለጥጧል። አልጋው ላይ ከማዕዘንና ከጠርዝ ርቆ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ በየቦታው እኩል የተበተነ መጨማደድ ካለ ደግሞ የውሸት መሆኑ ይታወቃል።

ግርጌው ላይ ጋቢ ጣል ማድረግ ካሰቡ ለብቻው፣ ኮምፈርቱ ካረፈና `Apply` ከተደረገ በኋላ ይጣሉት። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ሲታጠፍ ጀርባው ድቡልቡል ይሆናል፤ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ስለት ያለው እጥፋት ካወጣ `Bending`ን ይጨምሩለት።

መጋረጃው ቆርቆሮ የሚመስለው ሞገዱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። እውነተኛ መጋረጃ የሚሸነሸነው ላዩ ላይ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ አንዳንዱ ሽንሽን ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀላል፣ አንዳንዱ ይሰፋል፣ ሁለት እኩል ሽንሽን ማግኘት ይቸግራል። መርካቶ መጋረጃ የሚሰፋ ሰው የዘንጉን እጥፍ ያህል ጨርቅ ቆርጦ እንደሚሸነሽነው ሁሉ እርስዎም እንደዚያው ያድርጉ። ዘንጉ 1.80 ሜትር ከሆነ 3.60 ሜትር ወርድ ያለው ዝርግ ጨርቅ ይሥሩ። ከላይኛው ጠርዝ ላይ በየ12 ሴንቲሜትሩ ያሉትን ነጥቦች ብቻ፣ ማለትም 31 ነጥቦችን፣ `Pin Group` ውስጥ ያስገቡ፤ እነዚህ የመጋረጃው ማንጠልጠያዎች ናቸው። በመሐላቸው ያለው ጨርቅ ነፃ ይሁን፤ ጠርዙን በሙሉ ከቸከሉት ላዩ እንደ ጣውላ ቀጥ ይላል። ነጥቦቹን ከ`Cloth` በላይ በተቀመጠ `Hook` ከአንድ `Empty` ጋር አያይዘው፣ የ`Empty`ውን ስፋት በ`X` አቅጣጫ በ60 ፍሬም ውስጥ ከ1 ወደ 0.5 ያጥብቡት፤ ከዚያ ሌላ 100 ፍሬም ይረፍ። ፍጹም ዝርግ ጨርቅ ወዴት እንደሚጎብጥ ስለማያውቅ፣ ከመጀመርዎ በፊት ነፃዎቹን ነጥቦች በጥቂት ሚሊሜትር ወዲያና ወዲህ ያዛቡ።

የታችኛው ቅምቅማት ተደርቦ የተሰፋ ስለሆነ ከሌላው ይጠነክራል። የታችኛውን 10 ሴንቲሜትር በ`Bending Group` ካጠነከሩት ሽንሽኑ እታች ሲደርስ ሰፋ ብሎ ይረጋጋል። መጋረጃው ስስ ከሆነና ብርሃን ከኋላው ከመጣ ይህ ቅምቅማት ጠቆር ያለ ቀበቶ ሆኖ መታየት አለበት፤ ጨርቁን በሞዴሉ ላይ በእውነት አጥፈው ከደረቡትና በማቴሪያሉ ውስጥ `Translucent BSDF` ከቀላቀሉበት ቀበቶው ራሱ ይመጣል።

ስለ ምንጣፉ ብዙ የምለው የለኝም። ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ይስጡት፣ ጠርዙን በጣም በትንሹ ያወዛውዙት፣ የአልጋው እግር ያረፈበትን ቦታ ያጎድጉዱት። ፀጉሩን በ`Hair` መሥራት የሚያስፈልገው ለካሜራ ቅርብ በሆነው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ፀጉሩ ወደ አንድ ጎን ያዘንብል፣ በየመሐሉም በእግር እንደተረገጠ አቅጣጫው ይለዋወጥ።

ቴክስቸር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ `UV` ግን ጨርቁ ገና ዝርግ ሳለ መዘርጋት አለበት፣ ድርና ማጉ እጥፋቱን ተከትሎ እንዲታጠፍ። ስለ ሽመናው መጠን ደግሞ ይህን ያስሉ፦ በምስልዎ ላይ 2 ሜትር የሚሆነው የአልጋው ክፍል 1000 ፒክስል ከያዘ አንድ ፒክስል 2 ሚሊሜትር ነው። የአንሶላ ክር ከዚያ በብዙ ስለሚቀጥን ሊታይ አይችልም። ክሩ እንዲታይ ብለው ቴክስቸሩን ካሳደጉት አንሶላው ጆንያ ይሆናል። በሩቅ ምስል ላይ `Roughness` ወደ 0.9፣ ትንሽ `Sheen` ተጨምሮበት፣ ለጥጥ ይበቃል።

ግራጫ ማቴሪያሉን ከማንሳትዎ በፊት ግን ብርሃኑን ከካሜራው ጀርባ አንስተው በመስኮቱ በኩል ያስገቡት፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን እጥፋትን ሁሉ ያጠፋል። እኛ አገር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ አናት ስለምትጠጋ በመስኮት ወደ አልጋ እምብዛም አትደርስም። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ያለውን፣ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ያለውን ፀሐይ ይምረጡ። በዚያ ብርሃን ግራጫው ኮምፈርት በሸብሸቡና በማዕዘኑ ጨርቅ ከመሰለ ቀለሙን ያልብሱት፤ ካልመሰለ ወደ ሲሙሌሽኑ ይመለሱ።