በልጅ ስም የተከፈተ ደብተር፦ ማን ያዝበታል? መቼስ ለልጁ ይለቀቃል?

ከሰኞ ገበያ፦ ለልጄ የቁጠባ ሒሳብ ልከፍትላት ነው። ምን ይዤ ልሂድ? እናቷ ባትመጣስ?

መልስ፦ የልጅቷን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ያንተን ፋይዳ፣ የሁለታችሁን ጉርድ ፎቶና ለመክፈቻ የሚሆን ጥቂት ብር ያዝ። የመክፈቻው መጠን ከባንክ ባንክ ይለያያል፣ ብዙ ግን አይደለም። የልደት ወረቀት ስል የክትባት ካርድ ወይም ሐኪም ቤት የሚሰጠው ወረቀት ማለቴ አይደለም። ቀበሌ ያለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚሰጠው ነው። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ካልተመዘገበ የዘገየ ምዝገባ ይባልና ተጨማሪ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ጨርስ።

እናቷ ባትመጣም ብዙ ቦታ ይከፈትልሃል። ግን ትምጣ። ቅጹ ላይ ገንዘቡ «በአንዱ ፊርማ» ነው ወይስ «በሁለቱ ፊርማ» የሚወጣው የሚል ምርጫ አለ፤ ሰው ሳያነበው የሚፈርመው እሱን ነው። አንድ ሰው ብቻ ከፈረመ በኋላ ሁለተኛውን ማስገባት ሌላ ቀን፣ ሌላ ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትፈርም በፊት ስክሪኑን አዙረው እንዲያሳዩህ ጠይቅ። የባንክ ሲስተም የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ልጅህ ጥር 11 ቀን 2008 ብትወለድ ሲስተሙ ላይ መታየት ያለበት 20/01/2016 ነው። ሰልፍ ሲበዛ 2008 የምትለዋ ቁጥር እንዳለች ትገባለች። ያኔ ሲስተሙ ልጅቷን በስምንት ዓመት ያስረጃታል፤ ገና አሥር ዓመቷ ላይ «ለአካለ መጠን ደርሳለች» ብሎ ያንተን ፊርማ ሊያግድ ይችላል። ለማረም ደግሞ የልደት ወረቀቱን ይዘህ እንደገና መመላለስ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፣ ኮምቦልቻ፦ ባለቤቴ እኔ ሳላውቅ ከልጁ ደብተር ማውጣት ይችላል? እኔስ?

መልስ፦ ቅጹ ላይ በአንዱ ፊርማ ከተባለ ባንኩ ለመጣው ይከፍላል፣ ሌላውን ደውሎ አይጠይቅም። በሁለቱ ከተባለ አይችልም፤ አንቺም አትችዪም።

ሕጉ ከዚህ ሰፋ ይላል። እዚህ ወሎ የሚሠራው አዲስ አበባ ላይ የሚጠቀሰው 213/1992 ሳይሆን የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። አባትና እናት እኩል የልጁ ሞግዚት ናቸው። ብሩ ግን የሁለቱም አይደለም፣ የልጁ ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለሕክምና፣ ለልጁ ለራሱ ጉዳይ ቢወጣ ማንም አይጠይቅም። ለሱቅ ዕቃ ማስገቢያ ከወጣ ግን ልጁ አድጎ ሊጠይቅበት የሚችል ገንዘብ ነው። ባንኩ «ለምን ፈለግህ?» ብሎ አይከታተልም፤ ጥያቄው የሚነሣው ባልና ሚስት የተጣሉ ዕለት ፍርድ ቤት ነው። እዚያ የሚያድነው ደረሰኝ ብቻ ነው፤ ከልጁ ደብተር የወጣበትን ወረቀትና የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኙን አንድ ላይ አስሪያቸው።

ከጅዳ፦ እኔ ስደት ላይ ነኝ፣ ልጄን እናቴ ናት ኮምቦልቻ የምታሳድገው። እናቴ ከፍታ ብታንቀሳቅስለትስ?

የሸዋ በር ልጅ (ጣልቃ ገብቶ)፦ አያት ከሆነች ምንም ወረቀት አያስፈልግም። ሕጉ አያትን ያውቃል።

መልስ፦ ወንድሜ ግማሹን ልክ ብለሃል። ሕጉ አያቶችን የሚጠራው ወላጆች ከሌሉ ወይም መሥራት ካልቻሉ ነው፤ እናት በሕይወት ጅዳ ካለች አያት በቀጥታ ሞግዚት አትሆንም። ወላጆች ቢሞቱ እንኳን ባንኩ «አያት ነኝ» ስላለች ብቻ አይከፍትላትም፣ የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ማስረጃ ይጠይቃል።

እህቴ፣ አብሽሪ፣ ላንቺ መንገዱ ውክልና ነው። ጅዳ ቆንስላ ሄደሽ ለእናትሽ ውክልና ስጪ፤ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ውክልናው የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በቃላቱ ነው። «ጉዳዬን ሁሉ እንድትፈጽም» የሚል ጥቅል ቃል ብዙ ባንክ አይቀበልም። «በልጄ በእገሌ ስም የቁጠባ ሒሳብ እንድትከፍት፣ ገቢና ወጪ እንድታደርግ፣ ለባንክ እንድትፈርም» ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። እንድትከፍትና እንድታስገባ ብቻ ከፈለግሽ ወጪ የሚለውን አታስገቢ፤ ገቢ ማድረግማ የሒሳብ ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ ይችላል፣ ላኪ ለመሆን ውክልና አያስፈልግም።

የልጁ አባት ካለ ደግሞ እሱም ሞግዚት ነው። ይኼን እዚህ ላይ ልፈታልሽ አልችልም፤ ተለያይታችሁ ከሆነ የፍቺውን ውሳኔ አይቶ የሚመልስ የሕግ ሰው ያስፈልግሻል።

ከሆጤ፦ ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ወራሽነት ሲወሰን የልጆቹ ድርሻ ዝግ ሒሳብ ይግባ ተባለ። ገንዘቡ አለ፣ ለዩኒፎርም እንኳን ማውጣት አልቻልኩም። ሞግዚት እኔ አይደለሁም እንዴ?

መልስ፦ ነሽ። ዝግ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ባንኩ ላይ ያለው ትእዛዝ የፍርድ ቤቱ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ቢያዝንልሽ ሊከፍተው አይችልም። ልጆቹ 18 ዓመት እስኪሞላቸው የሚከፈተው በዚያው ፍርድ ቤት ደብዳቤ ነው። በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተወሰነ ከሆነም ወደዚያው ትመለሻለሽ።

አቤቱታሽ ላይ «ለልጆች ፍላጎት» ብለሽ አትጻፊ፣ ዝርዝር ይኑረው። የትምህርት ቤቱን የክፍያ ማሳወቂያ፣ የዩኒፎርሙን ዋጋ፣ የኪራዩን ውል አያይዢ። ሦስት ልጆች ካሉ የየራሳቸው ድርሻ የተለየ ነውና ከየትኛው ልጅ ሒሳብ ስንት እንደሚወጣ ለይተሽ ጠይቂ። ትእዛዙ ለአንድ ጊዜ ብቻ እንዳይሆን «በየዓመቱ ለትምህርት መጀመሪያ» ተብሎ እንዲወሰን መጠየቅም ትችያለሽ፤ ዳኛው ይፈቅድም አይፈቅድም ይሆናል።

አንድ አባት፦ ልጄ በመጪው ዓመት 18 ይሞላዋል። ባንኩ በራሱ ያዞርለታል አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሲስተሙ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ የእርስዎን ፊርማ ያስቆማል። ለልጁ አያስረክብም። ልጁ እስኪቀርብ ድረስ ገንዘቡ መሀል ቤት ይቆያል፤ ገቢ ይሆናል፣ አይወጣም። ወላጅ «ብሬን ከለከሉኝ» ብሎ የሚጣላው በዚህ ሰሞን ነው።

ከልደቱ ሁለት ወር ቀድመው የስሙን ነገር ያስተካክሉ፤ የሚያዘገየው እሱ ነው። ልጁ በአራት ዓመቱ ሒሳቡ ሲከፈት የአባት ስም Seid ተብሎ ተጻፈ እንበል። በፋይዳው Seyid ሆነ፣ በትምህርት ማስረጃው ደግሞ ሌላ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለሲስተሙ ሦስት። ከባንክ ደብተሩ ፊደሉን ገልብጠው ይያዙና ልጁ ፋይዳ ሲመዘገብ በዚያው እንዲጻፍ ያድርጉ። ፋይዳው ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ባንኩ ስሙን በፋይዳው መሠረት እንዲያርም የልደት ወረቀቱን ይዘው ያመልክቱ።

ከልደቱ በኋላ ልጁ ራሱ ፋይዳውን፣ የልደት ወረቀቱን፣ ደብተሩንና ፎቶ ይዞ ሒሳቡ የተከፈተበት ቅርንጫፍ ይሂድ። እርስዎም አብረውት ቢሄዱ ጥሩ ነው፣ አንዳንድ ቦታ የሞግዚቱን መልቀቂያ ፊርማ ይፈልጋሉ። አዲስ የፊርማ ካርድ ይሞላል። ሒሳቡ ወደ መደበኛ ቁጠባ ይቀየራል፤ ቁጥሩም ሊቀየር ይችላል፣ ከተቀየረ ብር ለሚልኩ ዘመዶች ይነገር።

ከመስኮቱ ሳይነሡ አንድ ነገር ይቀራል፤ ስልክ ቁጥሩ። ሒሳቡ ላይ የተመዘገበው የእርስዎ ስልክ ነው። ፊርማው ተቀይሮ ስልኩ ካልተቀየረ የልጁ መልእክት ሁሉ ለእርስዎ ይመጣል፣ የሞባይል ባንክ ማረጋገጫ ቁጥርም ጭምር። ልጁ በራሱ ስም የወጣ ሲም ይያዝ፤ በአጎት ስም የወጣ ሲም ነገ ሌላ ጣጣ ነው።

ያው አባት፦ እሺ። ግን 18 ዓመት ምን ይገባዋል? ባጃጅ ካልገዛሁ እያለ ነው። እስከ 25 ማቆየት አይቻልም?

መልስ፦ አይቻልም። ከ18 በኋላ እሱ ካልፈረመ እርስዎ አንድ ብር አያንቀሳቅሱም፣ እሱ ግን ሁሉንም ማውጣት ይችላል። ከልደቱ በፊት ባለው ሳምንት አውጥቶ ወደ ራስ ደብተር ማዛወር የሚመክሩ አሉ። ባንኩ ምናልባት ይከፍላል፤ ገንዘቡ ግን የልጁ ስለሆነ ልጁ ቢከስ ይመለሳል። ከስምምነት ጋር ከሆነ ልጁ ራሱ ከ18 በኋላ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ቢያስገባው ይሻላል፤ ስሙም የእሱ ይሆናል፣ ቶሎም አይነካውም።

ለሚቀጥለው ልጅ ግን ከወዲሁ ይለዩ። ለሠርጉ ወይም ለቤቱ በእኔ ውሳኔ ይሰጠዋል የሚሉት ገንዘብ በራስዎ ስም ይቀመጥ። ያኔ ግን በሞትም በፍቺም የሚከፋፈለው ንብረት ውስጥ ይገባል። በልጁ ስም ካስገቡት ያ አያገኘውም፣ በ18ኛው ዓመት ግን ይለቁታል። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚሰጥ ደብተር የለም።

ከአራዳ፦ የኔ ደብተር በ2014 ጦርነት ጊዜ ጠፋ። ገንዘቡም ጠፍቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ያንተ የራስህ ሒሳብ ነው መሰለኝ፣ የልጅ አይደለም። መልሱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ቀሪ ሒሳቡ ያለው በማእከሉ ሲስተም እንጂ ደብተሩ ላይ አይደለም። መታወቂያህን ይዘህ ቅርንጫፉ ሂድና ምትክ ጠይቅ። የልጅ ከሆነ የሚያመለክተው ሞግዚቱ ነው። ለብዙ ዓመት ካልተነካ ታግዶ ታገኘው ይሆናል፤ ቀርቦ ማስከፈት ብቻ ነው።

እማማ፣ ከቦርከና ማዶ፦ ወለድ አልፈልግም። ለልጅ ልጄ በሐላል የሚሆን አለ?

መልስ፦ አለ እማማ፣ ወለድ አልባ መስኮት ያላቸው ባንኮች ለልጆችም ይከፍታሉ። አል-ወዲዓ ከሆነ ያስቀመጡት ብቻ ይመለሳል፤ ሙዳረባ ከሆነ ትርፍ ይካፈላሉ፣ መጠኑ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ቅጹ ላይ የትኛው እንደተሞላ ያስነብቡ፣ ካልተጠየቀ መደበኛው ሊሞላ ይችላልና። ወረቀቱም ርክክቡም ከላይ እንዳልኩት ነው፤ አያት ስለሆኑ የወላጁ ፊርማ ወይም ውክልና ይኑርዎ።

ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፦ በወር 500 ብር ባስገባ ስንት ይሆናል?

መልስ፦ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎት ነበር። በ7 እናስላው። ልጁ 8 ዓመቱ ላይ ጀምረህ እስከ 18 ካስገባህ 60,000 ብር ከኪስህ ይወጣል፣ ከወለዱ ጋር 86,500 ገደማ ይሆናል። ከወለዱ ላይ ባንኩ ግብር ስለሚቆርጥ ከዚያ ያንሳል። የገበያው ዋጋ ግን ከ7 በመቶ በላይ ሲጨምር ነው ያየነው፤ ስለዚህ 86,500 ብር ዛሬ የሚገዛውን በአሥር ዓመት አይገዛም። ደመወዝ ሲጨምር 500 ላይ አትቁም። ከደመወዝህ በቀጥታ የሚቆረጥበትን ማዘዣም ባንኩ ላይ ሞልተህ ማስፈጸም ትችላለህ፤ ሥራ ስትቀይር ግን ይቋረጣልና እንደገና ማስሞላት አለብህ።