ገጹ ሲጠፋ ብሩ ሄዷል ወይስ አልሄደም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 71 ዓመቴ ነው፤ 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የልጄ ልጅ በስልክ ብር መላክ እያስተማረኝ ነው። ስልኩን ከእጄ አይነጥቀኝም። አጠገቤ ቁጭ ብሎ «እማዬ፣ አንብቢው፤ ምን ይላል?» ይለኛል። አሥር ጊዜ ብጠይቀው አይሰለችም። መጀመሪያ ለእሱ 10 ብር ላክሁ፣ እሱም መለሰልኝ። እንዲህ እየተላላክን ሰነበትን። ባለፈው ሳምንት እሱ ትምህርት ቤት ሳለ ለእህቴ 1,500 ብር ላክሁ። የሚስጥር ቁጥሬን አስገብቼ እሺ ስል ገጹ ጠፋ። አልሄደም ብዬ ደገምኩት። ማታ እህቴ ደውላ «3,000 ብር ደረሰኝ» አለች። ትርፉን መልሳልኛለች፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስልኩን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። የሚስጥር ቁጥሬን ለልጁ ሰጥቼ እሱ ቢልክልኝ አይሻልም?

መልስ፦ እማማ፣ አይስጡት። ልጁ የሚታመን መሆኑ ከደብዳቤዎ ይታያል። ግን አንድ ቀን ሂሳብ ቢጎድል ከእርስዎ ሌላ ቁጥሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ይሆንና፣ ሳያጠፋ ይጠረጠራል። ለእሱም ሲሉ ለራስዎ ይያዙት።

እንደ ቴሌብር *127# ባለ ቁጥር የሚከፈተው ገጽ ኢንተርኔት አይፈልግም። ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚከፈት መስመር ነው፤ ሲዘገዩበት ራሱ ይዘጋል። የሚስጥር ቁጥር ከማስገባትዎ በፊት ከተዘጋ ምንም ብር አልወጣም። እስከዚያ የነኩት ሁሉ ረቂቅ ነው። ካስገቡ በኋላ ከጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትእዛዝዎ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል። የእርስዎም የሆነው ይኸው ይመስለኛል። የማረጋገጫ መልእክቱም ኔትወርክ ሲደክም ይዘገያል።

ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ቀሪ ሂሳብዎን አይተው ደብተር ላይ ይጻፉት። 6,200 ብር ነበር እንበል። ገጹ ቢጠፋ ሳይደግሙ እንደገና ቀሪውን ይዩ። ወደ 4,700 ወርዶ ከሆነ ሄዷል፤ የአገልግሎት ክፍያ ካለ ጥቂት ብር ያንሳል። 6,200 ካለም አይቸኩሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ደግመው ይዩ፣ ለእህትዎም ይደውሉ። እሷም ካልደረሳት ያኔ ይላኩ።

ደግነቱ ብሩ የሄደው ለእህትዎ ነው። ለማያውቁት ሰው ቢሆን ኖሮ ማስመለሱ ከባድ ነበር። የሚስጥር ቁጥር ከመጠየቁ በፊት የተቀባዩ ስም ሲመጣልዎ ጮክ ብለው ያንብቡት።

ልጁ አንድ ትምህርት ብቻ ይጨምርልዎ። 10 ብር ለመላክ ይጀምሩና የሚስጥር ቁጥር ሲጠይቅዎ ዝም ይበሉት። ገጹ ይዘጋ። ከዚያ ቀሪ ሂሳብዎን ከፍተው ደብተሩ ላይ ከጻፉት ጋር ያስተያዩት። እጅዎ መንቀጥቀጡን እስኪተው ይህንኑ ይደጋግሙት፤ እሱ እንደሆነ አይሰለችም ብለውኛል።