ጥያቄና መልስ፦ የጄኔቲክስን ምዕራፍ ከኋላ ወደ ፊት ማቀድ፦ መጀመሪያ ውጤቱን፣ ቀጥሎ ፈተናውን፣ በመጨረሻ ትምህርቱን

«ዕቅዴ ላይ ‹ተማሪዎች የሜንዴልን ሕግ ይረዳሉ› ብዬ ብጽፍ አስተካክል ተባልኩ። ምኑ ነው ስሕተቱ?» (መምህር፣ ባሕር ዳር)

«ይረዳሉ» አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ነጥብ አይሰጥበትም። ተማሪው ምን ሲሠራ ቢያዩት «ገብቶታል» ይላሉ? ያንን ይጻፉ፦ «ከዘሮቹ ቁጥር ተነሥቶ የወላጆቹን ጂኖታይፕ ይለያል፤ የተቆጠረው ከተጠበቀው ለምን እንደሚለያይ ያስረዳል።» ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሁለተኛው ግማሽ ነው። ልጆቹ የሚወድቁትም እዚያ ላይ ነው፤ 3 ለ 1ን «ከአራት ልጅ የግድ ሦስቱ» ብለው ይይዙታል።

«ገና ሳላስተምር ፈተና ማውጣት ከበደኝ። ከየት ልጀምር?» (መምህር፣ ዘንዘልማ)

ከዚያው ዓረፍተ ነገር። እንዲህ ይጠይቁ፦ ሁለት ወይን ጠጅ አበባ ያላቸው አተሮች ተዳቅለው ከተገኙት 40 ተክሎች 27ቱ ወይን ጠጅ፣ 13ቱ ነጭ አበባ አወጡ። (ሀ) የወላጆቹ ጂኖታይፕ ምንድን ነው? በምን አወቅህ? (ለ) «30 እና 10 ስላልሆነ ሕጉ አልሠራም» ላለ ጓደኛህ ምን ትመልሳለህ?

የሀ መልስ ሁለቱም Pp ናቸው። ምክንያቱ ካልተጻፈ ግን ሙሉ ነጥብ አይስጡ፦ ነጭ አበባ pp ስለሆነ፣ አንዷ p ከእናት፣ ሌላዋ ከአባት መምጣት አለባት። ይህንን የሚጠይቅ ፈተና ካለ፣ የፑኔት ሠንጠረዥ በማስሞላት ብቻ ሦስት ክፍለ ጊዜ መጨረስ እንደማያዋጣ ወዲያው ይታያል። ለጥያቄ «ለ» መልስ የሚያዘጋጅ ሥራም ያስፈልጋል።

«ለዚሁ ብዬ ከሁለት ከረጢት ቀይና ነጭ ቦሎቄ አስወጣሁ፤ ብዙዎቹ ቡድኖች ከ3 ለ 1 ራቁ። ምን አጠፋሁ?» (መምህርት፣ ዘጌ)

ምናልባት ምንም። ቀዩን ገዢ አሌል አድርገው፣ በየከረጢቱ 20 ቀይና 20 ነጭ ካለ፣ ከ40 ጥንድ 26 ለ 14 መውጣቱ የተለመደ ዕድል ነው። ሁለት ነገር ግን ይፈትሹ። የወጣው ፍሬ ከመቀጠላቸው በፊት ወደየከረጢቱ ካልተመለሰ የቀሪዎቹ ዕድል ይዛባል። አንዱ ቀለም ከሌላው ከተለቀም ጣት ይለየዋል፤ በመጠን እኩል የሆነ ይምረጡ፣ ካጡ አንድ ዓይነት ፍሬ ግማሹን ቀለም ይንከሩ።

60 ተማሪ ካለዎት በ10 ቡድን ይክፈሉና የእያንዳንዱን ውጤት ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ይደምሩ። የ400ው ድምር በመቶኛ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ከአብዛኞቹ ቡድኖች ይልቅ ወደ 75 ይጠጋል። ያን ጊዜ ደወሉ ሳይደወል «ለምን?» ብለው በሁለት መስመር ያስጽፉ፤ ለፈተናው ጥያቄ «ለ» የሚያለማምደው ይህ ጽሑፍ እንጂ ቆጠራው አይደለም።

«ምላስ መጠቅለልን በየቤታቸው እንዲያጠኑ ልዘዝ?» (መምህር፣ ባሕር ዳር)

ይተዉት። ምላስ መጠቅለል በአንድ ጂን ብቻ አይወሰንም፤ አንድ ዓይነት መንትዮች እንኳ ይለያዩበታል። በዚያ ላይ «ሁለቱም ወላጆቼ አይጠቀልሉም፣ እኔ ግን እጠቀልላለሁ» ያለ ልጅ ቤቱ ያልተገባ ጥርጣሬ ይዞ ይገባል። የዘር ሐረግ ማንበብ ከውጤቶችዎ አንዱ ከሆነ፣ የፈጠሩትን ቤተሰብ ከነደም ዓይነቱ በወረቀት ይስጧቸው።