የቀጠሮ መጠየቂያ ስትጽፍ ሰዓቱን አንተ አቅርብ

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ። የደንብ ልብስ እንሰፋለን። አዲስ አበባ ላሉ ሆቴሎች ስራ አስኪያጆች ቀጠሮ እንዲሰጡን ኢሜይል እልካለሁ፤ የሚመልስልኝ አጣሁ። ምን ብዬ ልጻፍ? ልምድ ያላችሁ እርዱኝ።»

ወንድሜ፣ እኔም እንጀራዬ ይሄው ነው። የማብሰያ ቤት ኮት፣ የሃውስኪፒንግ ቀሚስ፣ የጥበቃ ሸሚዝ እሰፋለሁ። ደብዳቤህን ባላየውም ምን እንደሚል እገምታለሁ። «ድርጅታችን በዚህ ዓመተ ምህረት ተቋቁሞ» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ «አብረን ለመስራት ስለምንፈልግ በሚመችዎት ጊዜ ቀጠሮ እንዲሰጡን በትህትና እንጠይቃለን» ይላል። ሁላችንም እንደዚህ ነው የምንጽፈው፤ መልስ የማይመጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

1. መጀመሪያ ደብዳቤህን ማን እንደሚያነበው እወቅ። ስራ አስኪያጁ አይደሉም፤ ጸሐፊያቸው ናት። ጠዋት ኢሜይሉን ከፍታ ርዕሱን አይታ ትለያለች። «የትብብር ጥያቄ» የሚል ርዕስ ካየች ለማን እንደምትመራው አታውቅም። ስፖንሰር ፈላጊም፣ ማስታወቂያ ሻጭም፣ ስራ ፈላጊም «ትብብር» ነው የሚለው። ስለዚህ የመጣህበትን ጉዳይ ርዕሱ ላይ አስቀምጠው፦ ምን እንደምታሳይ፣ ምን እንዲወስኑልህ እንደምትፈልግ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ። «ለመተዋወቅ» ጉዳይ አይደለም። የሆቴል ስራ አስኪያጅ ከአንተ ጋር ለመተዋወቅ የሚሆን ጊዜ የለውም። «ሳምፕል አይተው ፕሮፎርማ እንድናስገባ ወይም እንዳናስገባ ይወስኑልን» ግን ጉዳይ ነው። እምቢም ቢሉህ መልስ አገኘህ ማለት ነው።

2. «በሚመችዎት ጊዜ» የሚለውን አውጣው። ትህትና ይመስላል፣ ግን ስራውን ሁሉ እሳቸው ላይ ይጥላል። አጀንዳቸውን ከፍተው፣ ባዶ ሰዓት ፈልገው፣ ለአንተ ጽፈው፣ አንተ ደግሞ «ይቅርታ ያን ቀን አልችልም» ብትል እንደገና ሊፈልጉ ነው። ማንም ለማያውቀው ሰው ይህን አያደርግም። ሶስት አማራጭ አንተ አቅርብ፤ እሳቸው አንዱን ይምረጡ። ስትሰጥም የእነሱን ቀን አውቀህ ይሁን። ሆቴል ውስጥ ጠዋት የክፍል ኃላፊዎች አጭር ስብሰባ አለ፤ እንግዳ የሚወጣውም ያኔ ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ደግሞ የምሳና የስብሰባ እንግዳ ግርግር ነው። ስለዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ወይም ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጠይቅ። አርብ ምሳ ሰዓት ለጁምዓ ስለሚረዝም ወደ 5 ሰዓት ተኩል አትጠጋ። የካቲት ላይ የአፍሪካ ህብረት መሪዎች ጉባኤ ሲደርስ ደግሞ የአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ስለ ሸሚዝ የሚያስቡበት ጊዜ አይደለም። ጉባኤው እስኪያልፍ ጠብቅ። በየሆቴሉ ልማዱ ይለያያል፤ ከመጻፍህ በፊት ጸሐፊዋ ጋ ደውለህ «እሳቸው ብዙ ጊዜ የሚረጋጉት በየትኛው ሰዓት ነው?» ብለህ ጠይቅ። እሷን መጠየቅህ ራሱ ያስከብርሃል፤ ደብዳቤህ ሲደርስም ታስታውስሃለች።

3. ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍ። እዚህ ላይ ቆም በልና ስማኝ፤ እኔን ያስከፈለኝ ይሄ ነው።

አንድ ትልቅ ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ ለሁሉም ሰራተኞቹ የዓመት የደንብ ልብስ ሊገዛ ነበር። የግዢ ኮሚቴው ሳምፕል ሊያይ ቀጠሮ ሰጠኝ። ኢሜይሉ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ነው፣ ቀኑም በፈረንጅ ነው። ሰዓቱ «ሐሙስ 3:00» ይላል፤ ጠዋት አይል፣ ከሰዓት አይል። በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በፈረንጅ ቀን ተቀጥሮ፣ ሰዓቱ ብቻ የሀበሻ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? 9 ሰዓት ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ኮትና ሸሚዝ በክንዴ ይዤ በር ላይ ደረስኩ። ጥበቃው መዝገቡን አይቶ «ቀጠሮሽ አልፏል» አለኝ። ለምኜ ገባሁ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ኮሚቴው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጠብቆሽ ተበትኗል» አለች። ኢሜይሉን በስልኬ አሳየኋት። «ኢትዮጵያ ውስጥ 3 ሰዓት 3 ሰዓት ነው» አለችኝና ወደ ኮምፒዩተሯ ዞረች። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ ለእኔ ብሎ እንደገና አይሰበሰብም አሉ። የዚያ ዓመት ስራ ለሌላ ሰው ሄደ። የእኔን ጨርቅ አይተው ቢጥሉት ኖሮ አልናደድም ነበር። ሳያዩት ነው የቀረው። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ሌላው አይጽፍልኝም። እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «ማክሰኞ ህዳር 9 (ኖቬምበር 18)፣ ጠዋት 4፡30፣ በፈረንጅ ሰዓት 10፡30»። የሳምንቱ ቀን አለ፣ ሁለቱም ቀን አለ፣ ጠዋት የሚለው አለ፣ ሁለቱም ሰዓት አለ። ረዘመ አትበል። የሆቴል ሰው በተለይ ቀኑን ሙሉ ከውጭ እንግዳ ጋር በፈረንጅ ሰዓት ሲያወራ ይውላል፣ ከሰራተኛው ጋር ደግሞ በእኛ። የትኛውን እንደተናገረ ራሱም ይምታታበታል። የሳምንቱን ቀን መጻፍህም ይጠቅማል፤ ቀኑን ስታስተካክል ብትሳሳት ማክሰኞና 9 አልገጥም ሲሉ ወዲያው ይታያል።

ነጥብ በነጥብ መዘርዘሬን እዚህ ላይ ትቼ ሙሉ ደብዳቤውን ላሳይህ። ህዳር 2 ቀን 2018፣ ማክሰኞ ለት ለአንድ ሆቴል የላክሁት ነው። ሰኞ ጠዋት አልልክም፤ የቅዳሜና እሁድ ኢሜይል ሁሉ ተቆልሎ ስለሚጠብቅ የእኔው ከስር ይቀራል።

ርዕስ፦ የ20 ደቂቃ ቀጠሮ፦ የሃውስኪፒንግና የኩሽና የደንብ ልብስ ሳምፕል ለማሳየት

ለተከበሩ አቶ …፣
ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለሃውስኪፒንግና ለኩሽና ሰራተኞች የሚሆን የደንብ ልብስ በሁለት ዓይነት ጨርቅ ሰፍተናል። ሳምፕሉን አይተው ፕሮፎርማ እናስገባ ወይስ አናስገባ የሚለውን እንዲወስኑልን 20 ደቂቃ እንጠይቅዎታለን። ከእነዚህ አንዱ ይመችዎታል?

ማክሰኞ ህዳር 9 (ኖቬምበር 18)፣ ጠዋት 4፡30፣ በፈረንጅ ሰዓት 10፡30
ረቡዕ ህዳር 10 (ኖቬምበር 19)፣ ከሰዓት 9፡00፣ በፈረንጅ ሰዓት 3፡00
ሐሙስ ህዳር 11 (ኖቬምበር 20)፣ ጠዋት 4፡30፣ በፈረንጅ ሰዓት 10፡30

ቀኑን ብቻ ቢመልሱልኝ ይበቃል። ሶስቱም ካልተመቹ ሌላ ቀን ይንገሩኝ፤ ወይም የሚመለከተው ሌላ ኃላፊ ከሆነ ይምሩን። እኔው ሳምፕሉን ይዤ እመጣለሁ። የሃውስኪፒንግ ኃላፊዋ ቢገኙ ደስ ይለናል፤ ልብሱ ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ፎቶና መነሻ ዋጋ በአንድ ገጽ አያይዣለሁ። ሶስቱን ሰዓቶች እስከ አርብ ህዳር 5 (ኖቬምበር 14) ይዤ እቆያለሁ።
ከአክብሮት ጋር፣ ስም፣ ስልክ

መልሱ በማግስቱ መጣ፦ «ረቡዕ»። ያቺ አንዲት ቃል ናት። እስከ ዛሬ ለዚያ ሆቴል እሰፋለሁ።

እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደገባ ልንገርህ። 20 ደቂቃ ያልኩት ስለሚበቃኝ ነው። ኮቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ስፌቱን ገልብጬ አሳይቼ፣ የታጠበውንና ያልታጠበውን ጨርቅ ጎን ለጎን አስነክቼ፣ ዋጋ ነግሬ እጨርሳለሁ። «አንድ ሰዓት» ብትል ይፈሩሃል፤ «5 ደቂቃ» ብትል ደግሞ አያምኑህም። ያልከውን ጠብቅ። 20ኛው ደቂቃ ላይ «የጠየቅሁት ጊዜ አልቋል» በልና ተነስ። እነሱ ራሳቸው «ቆይ ተቀመጪ» ካሉኝ ሌላ ነገር ነው፤ ግን የሚሉት መጀመሪያ ስትነሳ ነው።

የሃውስኪፒንግ ኃላፊዋን የጠራሁት ብልጠት ፈልጌ አይደለም። ስራ አስኪያጁ ብቻቸውን ካዩት «ከኃላፊዋ ጋር እንነጋገርበት» ብለው ሌላ ቀጠሮ ይሰጡሃል። ያ ሁለተኛ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ አይመጣም።

«እስከ አርብ» ያልኩት ሶስቱን ሰዓቶች ለእነሱ ይዤ እያለ ለሌላ ሰው መስጠት ስለማልችል ነው። አንዱን ሲመርጡ «ይቅርታ ተይዟል» ካልክ የጻፍከው ሁሉ ገደል ገባ። ቀነ ገደብ ካለው አንተም ትፈታለህ፣ እነሱም አይቆጡም። ግን «እስከ አርብ ካልመለሱ» ብለህ አትጻፍ፤ ማስፈራሪያ ይመስላል። «ይዤ እቆያለሁ» ነው የሚባለው።

ሶስት የስራ ቀን ካለፈና ዝም ካሉ አንድ ጊዜ ደውል፣ ለጸሐፊዋ። «ለምን አልመለሳችሁም» ሳይሆን «ማክሰኞ የላክሁት ደርሷችኋል? ከሶስቱ የማይሆን ካለ ልለውጠው» በል። ወደ ስራ አስኪያጁ የግል ስልክ በሰው በሰው አግኝተህ አትደውል። እኔ የማውቀው አንድ ባልደረባ እንዲህ አድርጎ በሩ ተዘግቶበታል፤ ጸሐፊዋ ተዘለልኩ ብላ ፋይሉን አላነሳችውም።

የካላንደር ግብዣ ከመስማማታችሁ በፊት አትላክ። ሳይጠየቁ አጀንዳቸው ውስጥ ሳጥን ሲገባባቸው ደስ አይላቸውም። «ረቡዕ» ካሉ በኋላ ግን ላከው፤ ስልካቸው ላይ የሚነበበው በፈረንጅ ስለሆነ ርዕሱ ላይ «ከሰዓት 9፡00» ብለህ ጨምር። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በቴክስት አንድ መስመር ይበቃል፦ «ነገ ረቡዕ ከሰዓት 9 ሰዓት ሳምፕል ይዤ እመጣለሁ፤ ለውጥ ካለ ይንገሩኝ»።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ሆቴል ባለቤቱ ውጭ ናቸው፤ ስራ አስኪያጁ «ባለቤቱም በቪዲዮ ይግቡ» ሊሉህ ይችላሉ። ዋሽንግተን አካባቢ ከሆኑ በክረምታቸው ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ በበጋቸው 7። እነሱ ማርችና ኖቬምበር ላይ ሰዓት ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። የእኛ 11 ሰዓት ከሰዓት ህዳር ላይ ለእሳቸው ጠዋት በፈረንጅ 9፡00 ነው፤ ሰኔ ላይ 10፡00። ያኔ ሶስተኛ ሰዓት ጨምረህ «በዋሽንግተን» ብለህ ጻፍ።

ርዕስህንና ሶስቱን ሰዓቶችህን ጽፈህ እዚሁ ለጥፍልኝ፤ ከመላክህ በፊት አየዋለሁ።