«ትሪፕል ኤ» የተባለው ቦንድ ለምን ወደቀ?

«ጋሼ፣ እዚህ ቨርጂኒያ በፋይናንስ ተመርቄ በአንድ የቤት ብድር ድርጅት የስጋት ትንተና ክፍል ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ስለ 2008ቱ ቀውስ መጠየቅሽ አይቀርም አሉኝ። ‹የማይከፍል ሰው ተበደረ› ከማለት ሌላ ምን ልበል?»

ልጄ፣ ያ መልስ ብድሩ ለምን እንደተበላሸ ይናገራል እንጂ በብድሩ ላይ የተሠራው ቦንድ «ትሪፕል ኤ» የሚባለውን ከፍተኛውን የአስተማማኝነት ደረጃ ይዞ እንዴት እንደወደቀ አይናገርም። ጠያቂዎቹ መስማት የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ወረቀት አውጪና አብረን እናስላው።

የ100 ሚሊዮን ዶላር የቤት ብድር ተጠቃሎ ቦንድ ሆነ እንበል። ሦስት ደርብ አለው፦ ላይኛው 80 ሚሊዮን፣ መካከለኛው 15፣ ታችኛው 5። ከተበዳሪዎቹ የሚሰበሰበው ገንዘብ መጀመሪያ ለላይኛው ይከፈላል፤ ኪሳራ ግን ከታች ይጀምራል። ከብድሩ 24 በመቶው ሳይከፈል ቀርቶ ቤቶቹ በሐራጅ ሲሸጡ ግማሹ ብቻ ቢመለስ፣ ኪሳራው 12 ሚሊዮን ነው። ታችኛው ደርብ 5ቱን ይሸከምና ያልቃል፤ 7ቱ ከመካከለኛው ይቀነሳል። ላይኛው ሳንቲም አይጎድልበትም። እስከዚህ ድረስ ነገሩ እንደታሰበው ይሠራል።

ነገር ግን መካከለኛውን ደርብ የሚገዛ እንደልብ አልነበረም። ስለዚህ ባንኮች ከብዙ ቦንዶች መካከለኛ ደርቦችን ለቅመው እንደገና አጠቃለሉና ሲዲኦ አሉት። እሱንም በደርብ ከፋፍለው፣ ለምሳሌ ላይኛው 70 በመቶ «ትሪፕል ኤ» ተባለ። ምክንያቱ፣ ቤቶቹ በተለያዩ ከተሞች ስላሉ ሁሉም ባንዴ አይወድቁም የሚል ነበር። በእኛ ስሌት ግን እያንዳንዱ መካከለኛ ደርብ ከ15 ሚሊዮን 7ቱን አጥቷል፤ ወደ 47 በመቶ ማለት ነው። ከአዲሱ «ትሪፕል ኤ» በታች ያለው መከታ 30 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ቀሪው 17 እሱን ይመታል፤ ሩብ ያህሉ ይጠፋል። በዚያው ኪሳራ የመጀመሪያው ቦንድ ላይኛው ደርብ አልተነካም። ቃለ መጠይቁ ላይ ይህን በሰሌዳ ብትሠሪላቸው ደስ ይለኛል።

ለምን ባንዴ ወደቁ? ብዙዎቹ ብድሮች ለሁለት ዓመት ዝቅ ያለ ወለድ ይዘው ከዚያ የሚጨምሩ ነበሩ። ተበዳሪው ያሰበው ጭማሪው ሳይደርስ ሪፋይናንስ ማድረግን፣ ማለትም አሮጌውን ብድር በአዲስ ብድር መተካትን ነው፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ የቤት ዋጋ ሲወጣ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ ዋጋው ሲወርድ በሩ ፊኒክስ ላለውም ማያሚ ላለውም አብሮ ተዘጋ። ደረጃ ሰጪው ድርጅት ሙዲስ በ2006 «ትሪፕል ኤ» ከሰጣቸው የቤት ብድር ቦንዶች 83 በመቶው በኋላ ደረጃቸው ዝቅ ብሏል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2007 ላይ የፈረንሳዩ ባንክ ቢኤንፒ ፓሪባ ሦስት ፈንዶቹን ያገደው የያዟቸውን ቦንዶች ዋጋ መተመን ስላቃተው ነበር።

ሥራውን ካገኘሽ የብድሮቹን ዝርዝር ስትከፍቺ ከተማውን ብቻ አትቁጠሪ። ወለዱ የሚጨምርበትን ቀን፣ ብድሩ ከቤቱ ዋጋ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ገቢው በሰነድ መረጋገጡን ተመልከቺ። ከቃለ መጠይቁ በፊት ደግሞ 12ቱን ሚሊዮን ወደ 8 ቀይረሽ ደግመሽ አስዪው፤ የሲዲኦው «ትሪፕል ኤ» ደርብ ሳይነካ ታገኚዋለሽ። ከዚያ ቀስ እያልሽ ከፍ አድርጊው፤ 9.5 ሚሊዮንን ሲያልፍ «ትሪፕል ኤ»ው መጉደል ይጀምራል።